ኢንቨርተሩ ሲነሳ አናሎግ ሲግናሌ ላይ ኖይዝ ይገባል፤ ካርዱን ልቀይር ወይስ ኬብሉን?

የፓምፕ_ልጅ · ሰኞ ማታ 2፡15

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ነገር ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ ነስቶኛል።

የምሠራው ውሃ ማሸጊያ ፋብሪካ ጥገና ክፍል ነው። ውሃ ወደ መሙያ ማሽኑ የሚገፋ 15 ኪሎዋት ፓምፕ አለን፤ የሚነዳው ኢንቨርተር ነው። መስመሩ ላይ ከ0 እስከ 10 ባር የሚለካ የግፊት ትራንስሚተር ተገጥሟል። ባለ ሁለት ሽቦ፣ ከ4 እስከ 20 ሚሊአምፕ። ፒኤልሲው ግፊቱን አንብቦ የኢንቨርተሩን ፍጥነት ያስተካክላል። የምንፈልገው 6 ባር ነው።

ፓምፑ ቆሞ ሳለ ንባቡ ጸጥ ያለ ነው። ልክ ሲነሳ መዝለል ይጀምራል። ከ5.6 እስከ 6.4 ይመላለሳል። ኢንቨርተሩም እሱን እየተከተለ አንዴ ይፈጥናል አንዴ ይዘገያል። ፓምፑ ላይ ያለው ባለመርፌ ጌጅ ግን 6 ላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል።

ትራንስሚተሩን በአዲስ ቀየርኩት፤ ያው ነው። ሉፑን በመልቲሜትር ስለካው 13.6 ሚሊአምፕ ይላል፣ ንቅንቅ አይልም። ስለዚህ ሲግናሉ ደህና ነው፣ የታመመው የፒኤልሲው አናሎግ ካርድ ነው ብዬ ለማዘዝ ተነስቻለሁ። ካርዱ ከውጭ ነው የሚመጣው፤ ወር ይፈጃል። ከማዘዜ በፊት የደረሰበት ካለ ይንገረኝ።

ሦስት_ፌዝ · ሰኞ ማታ 2፡50

ወንድሜ ይሄ የግራውንድ ችግር ነው፣ ዓይኔን ጨፍኜ እነግርሃለሁ። ሁለት ነገር አድርግ። አንደኛ፣ ፋብሪካው ውስጥ ያለ ሺልድ ሁሉ በአንድ ጫፍ ብቻ ይታሰር፤ ሁለቱም ጋ የታሰረ ካለ አንዱን ቁረጥ። ሁለተኛ፣ ለፒኤልሲው ለብቻው ንጹህ የግራውንድ ዘንግ አስቀብርለት። ከፋብሪካው ግራውንድ ጋር ፈጽሞ እንዳይነካካ። ከ5 ኦም በታች እስኪሆን ጨውና ከሰል ጨምርበት። እኔ በዚህ መንገድ ሁለት ፋብሪካ አድኛለሁ።

ወርክሾፕ_22 · ሰኞ ማታ 3፡05

የኢንቨርተር ኖይዝ ቀላል ነው። ፓራሜትሩ ውስጥ ገብተህ ካሪየር ፍሪኩዌንሲውን ከፍ አድርገው። 4 ኪሎኸርዝ ከሆነ 10 አድርገው። ያ ሲጥጥ የሚል ድምፅ ወዲያው ይጠፋል። የእኛ ወርክሾፕ ውስጥ ሞተሩ መሥራቱ እንኳ አይሰማም።

የፓምፕ_ልጅ · ማክሰኞ ጠዋት 4፡20

@ወርክሾፕ_22 ሞከርኩት። የሞተሩ ድምፅ እውነትም ጠፋ። ንባቡ ግን ባሰበት፤ አሁን ከ5.3 እስከ 6.7 ይዘላል። ወደ 4 መለስኩት።

የድሮ_ኢንስትሩመንት · ማክሰኞ ቀን 7፡30

ልጄ፣ ካርዱን አትዘዝ። ገና አልተመረመረም።

ወርክሾፕ ሃያ ሁለት የመለሰው በጆሮ ስለሚሰማው ጩኸት ነው፣ ያንተ ጥያቄ ሌላ ነው። ግን ሳያስበው ትልቅ ፍንጭ ሰጥቶሃል። ኢንቨርተር ኃይሉን የሚሰጠው እየቆራረጠ ነው፤ 4 ኪሎኸርዝ ማለት በሰከንድ 4000 ጊዜ። እያንዳንዱ ቁርጥ ሲነሳና ሲወድቅ በሞተር ኬብሉ ዙሪያ ያለውን ሁሉ ይነዝራል። 10 ስታደርገው የነዘራው ቁጥር ከእጥፍ በላይ ሆነ። ንባብህ አብሮ ከባሰ ምንጩ ኢንቨርተሩ ነው። አሁን የሚቀረን በየት በኩል እንደሚገባ ማወቅ ነው።

መልቲሜትርህ አልዋሸህም፣ ግን ዘገምተኛ ነው። በሰከንድ ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው ቁጥር የሚጽፈው፤ በመሃል ያለውን አማካዩን ያሳይሃል። 13.6 ማለት የ6 ባር አማካይ ነው፣ ሉፑ ጸጥ ብሏል ማለት አይደለም። የጌጁ መርፌ ጥሩ ምስክር ነው። ሆኖም ውስጡ ግሊሰሪን ካለበት መርፌውን ያረጋጋዋልና ብቻውን አትመነው።

ሉፕ ካሊብሬተር ካለህ እንዲህ አድርግ። መጀመሪያ ፒአይዲውን ማኑዋል ላይ አድርገው፤ አለዚያ የውሸት 5 ባር እያየ 6 ለማድረስ ፓምፑን እስከ መጨረሻው ያስሮጠዋል። ከዚያ የትራንስሚተሩን ኬብል ከካርዱ ላይ ሙሉ በሙሉ ፍታው፣ ሺልዱንም ጨምረህ። ካሊብሬተሩን ሶርስ ላይ አድርገህ በቀጥታ ለካርዱ 12 ሚሊአምፕ ስጠው። ፓምፑ እየሠራ 5.00 ባር ላይ ከቆመ ካርድህ ጤነኛ ነው።

ቀጥሎ ኬብሉን እንደነበረ መልስና ወደ ፓምፑ ሂድ። ትራንስሚተሩን ፈትተህ በቦታው ካሊብሬተሩን ግጠም። አሁን ሲሙሌት ላይ ይሁን፤ እዚያ ጋ ኃይሉን የሚሰጠው የፓኔሉ 24 ቮልት ነው። አሁንም 12 ስጠው። ከዘለለ መንገዱ ኬብሉ ነው። ካልዘለለ ወደ ትራንስሚተሩና ወደ ውሃው እንመለሳለን።

መጨረሻ ላይ ፓምፑን አቁመህ የሺልዱን የፓምፕ በኩል ጫፍ ፍታው። እንደገና አስነሳና በሺልዱ ጫፍና በፓምፑ ብረት መካከል ያለውን ኤሲ ቮልት ለካ። ሦስቱንም ቁጥር ጻፍልኝ።

ኮድ_ብቻ · ማክሰኞ ቀን 8፡10

ለምን ይህን ሁሉ ሽቦ መፍታት? በፕሮግራም አጣራው። አንድ መስመር ነው።

```
avg := avg + 0.05 * (bar - avg);
```

0.05 ን ስትቀንሰው የበለጠ ይለሰልሳል።

የፓምፕ_ልጅ · ረቡዕ ማታ 1፡40

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሁሉንም እንዳሉት አደረግኩ።

ካርዱ ላይ በቀጥታ 12 ስሰጠው 5.00 አለ። ፓምፑ በሙሉ ፍጥነት እየሠራ የሚንቀሳቀሰው 0.01 ብቻ ነው። ካርዱ ጤነኛ ነው፤ ስንት ብር ልናፈስ ነበር።

ፓምፑ ጋ ሄጄ 12 ስሰጠው ከ4.6 እስከ 5.4 ዘለለ። ያው የድሮው ዝላይ። ትራንስሚተሩም ነጻ ወጣ።

ሺልዱን ፓምፑ ጋ ስፈታው ዝላዩ ወደ ግማሽ ወረደ። ከ4.8 እስከ 5.2 ሆነ። በሺልዱና በፓምፑ ብረት መካከል 1.9 ቮልት ኤሲ ለካሁ።

አሁን ያየሁትን ልንገርዎ። ኬብሉን ከካርዱ ለመፍታት ስጠጋ ሺልዱ ወደ ግራውንድ ባር አይሄድም። ከኬብሉ ወጥቶ ተጠምዝዞ 15 ሴንቲ የሚሆን ጅራት ሆኗል። ያ ጅራት ከካርዱ የ0 ቮልት ሽቦ ጋር አንድ ላይ ተጠቅልሎ አንድ ተርሚናል ውስጥ ተጠቅጥቋል። ግማሹ ክር ከተርሚናሉ ውጭ ቀርቶ ተንጨባሯል። ፓኔሉን የሠራው ድርጅት ነው እንዲህ ያሰረው። የሌሎቹን ሦስት አናሎግ ኬብሎች ሳይ እነሱም እንደዚያው ናቸው።

@ኮድ_ብቻ ያንተንም ሞክሬያለሁ። ስክሪኑ ላይ ንባቡ አማረ። ግን መሙያ ማሽኑ ቫልቮቹን ድንገት ሲዘጋ ግፊቱ 7 ባር ሲያልፍ ጌጁ ላይ አየሁት፤ ፒኤልሲው ዘግይቶ ነው የደረሰበት። አጠፋሁት።

የድሮ_ኢንስትሩመንት · ረቡዕ ማታ 3፡00

ጎበዝ። ነገሩ ወጣ።

የሺልድ ሥራ የመጣበትን ኖይዝ ተቀብሎ ወደ መሬት ማውረድ ነው። ያንተ ሺልድ የተቀበለውን ያወረደው ካርድህ ከሚለካበት 0 ቮልት ላይ ነው። የጣሪያ አሸንዳ ውሃውን ወደ ሳሎን እንደማስገባት ነው። በዚያ ላይ ፓምፑ ጋም ታስሯል። በፓምፑ ብረትና በፓኔሉ መካከል 1.9 ቮልት ልዩነት አለ፤ ሺልዱ ሁለቱን ሲያገናኝ የሚፈሰው ከረንት በካርድህ 0 ቮልት በኩል ያልፋል። ጫፉን ስትፈታ ግማሹ የጠፋው ለዚህ ነው። ሌላው ግማሽ በሌላ መንገድ ይመጣል፤ እመለስበታለሁ።

ሺልዱን እንዲህ እሰረው። ኬብሎቹ ወደ ፓኔሉ ከሚገቡበት ቦታ አጠገብ የመዳብ ባር ግጠም። ባሩ የሚቀመጥበትን ቀለም በፋይል ፋቀው፤ ቀለም የተቀባ ብረት ላይ የታሰረ ባር ለዓይን እንጂ ለኤሌክትሪክ አልታሰረም። ከባሩ ወደ ዋናው የግራውንድ ባር አንድ ወፍራም ሽቦ ውሰድ፤ አጭር ይሁን። የኬብሉን ላስቲክ ጥቂት ሴንቲ ገፈህ ሺልዱን ሳትጠመዝዘው በክላምፕ ባሩ ላይ ጥፈረው። ጅራት አታድርገው። ረጅም ጅራት ለዝግታ ኖይዝ ምንም አይል ይሆናል፤ ለኢንቨርተር ዓይነቱ ፈጣን ኖይዝ ግን እንደ ተዘጋ በር ነው። ፓምፑ ጋ ያለውን ጫፍ አሳጥረህ ቁረጥና በሂት ሽሪንክ ሸፍነው፤ የትራንስሚተሩን ቤት እንዳይነካ።

ከዚያ 0 ቮልቱን ፈልግ። የ24 ቮልት ፓወር ሰፕላይህ 0 ቮልት ከግራውንድ ጋር መገናኘት ያለበት አንድ ቦታ ብቻ ነው። ኃይል አጥፋና ያቺን አንዷን ማገናኛ ፍታ። ከዚያ ከ0 ቮልት ወደ ግራውንድ በኦም ለካ። ዜሮ አካባቢ ካሳየህ ሌላ የተደበቀ ማገናኛ አለ ማለት ነው። ጉዳት የለውም ብለህ እንዳታልፈው።

ኮድ ብቻ፣ ማጣሪያውን አልነቅፍም። ሽቦው ከተስተካከለ በኋላ ትንሽ ማለስለስ እኔም እጠቀማለሁ። ቀድሞ ከመጣ ግን በሽታውን ይሸፍነዋል፣ መቆጣጠሪያውንም ያዘገየዋል።

ሦስት_ፌዝ · ረቡዕ ማታ 3፡25

ሺልድ አንድ ጫፍ አላልኩም? ግን ጋሼ የብቻ ዘንጉን ዘለሉት። በእኔ ሥራ ዘንጉን ባስቀበርኩ ቀን ነው ኖይዙ ጸጥ ያለው። በዓይኔ ያየሁትን እንዴት ልካድ?

የድሮ_ኢንስትሩመንት · ረቡዕ ማታ 4፡10

ያየኸውን አልክድብህም። ጸጥ ያለው ግን ዘንጉን ስለቀበርክ ሳይሆን ሲግናሉን ከፋብሪካው ግራውንድ ስለለየኸው ይመስለኛል። የሚዞረውን ቀለበት ቆረጥከው። ያንን ያለ ዘንግም ማድረግ ይቻል ነበር።

የምፈራው ሌላ ነገር ነው። ሁለት ዘንግ ሳይገናኙ ሲቀሩ፣ አካባቢው ላይ መብረቅ ሲወርድ ወይም አንድ ፌዝ ከብረት ጋር ሲነካካ በሁለቱ መካከል ከባድ ቮልቴጅ ይፈጠራል። በመካከላቸው የተቀመጠው ያንተ ፒኤልሲ ነው። አንዳንዴም ፓኔሉን የሚከፍተው ሰው። ዘንጉን መቅበር ከፈለግህ ቅበር፣ ግን ከዋናው ጋር በአንድ ቦታ ይገናኝ። ኦሙን ማሳነስ ለደኅንነትና ለመብረቅ ይረዳል። ለኖይዝ ግን ወሳኙ ሽቦዎቹ እርስ በርስ እንዴት እንደተገናኙ ነው። ላፕቶፕህ በባትሪ ሲሠራ የትኛው ዘንግ ላይ ታስሮ ነው?

ሦስት_ፌዝ · ረቡዕ ማታ 4፡30

የመብረቁን እቀበላለሁ። ግን አማካሪ መሐንዲሶቹ ራሳቸው ስፔክ ላይ «የተለየ የኢንስትሩመንት ግራውንድ» ብለው ይጽፋሉ። ካልቀበርኩ ክፍያ አይለቁልኝም። የተለየ ማለት ያልተገናኘ ማለት ነው ወይስ የተለየ ባር? እኔ ያልተገናኘ ብዬ ነው የምረዳው፣ እነሱም ሲረከቡ እንደዚያ ነው የሚለኩት።

ከዱባይ_ኮሚሽኒንግ · ሐሙስ ጠዋት 2፡45

ሰላም። አንድ ነገር ሳይታረም እንዳያልፍ። ሦስት ፌዝ «ሺልድ ሁሉ በአንድ ጫፍ» ብሏል። ለሲግናሉ ልክ ነው። ከኢንቨርተር ወደ ሞተር ለሚሄደው ኬብል ግን ተቃራኒ ነው፤ የእሱ ሺልድ በሁለቱም ጫፍ መታሰር አለበት። ከሞተሩ አካል የሚያመልጠው ፈጣን ከረንት ወደ ኢንቨርተሩ የሚመለስበት መንገድ ያስፈልገዋል። በሺልዱ ካልተመለሰ በፓምፑ ቧንቧ፣ በኬብል ትሬይ፣ ባገኘው ብረት ይመለሳል። ያ 1.9 ቮልትም ከዚህ ሊሆን ይችላል። እዚህ ሥራ ስንረከብ መጀመሪያ የማየው የሞተሩን ግላንድ ነው። ሺልዱን ዙሪያውን የሚይዝ የብረት ግላንድ ካልሆነ አልፈርምም።

የፓምፕ ልጅ፣ የሞተርህ ኬብል ሺልድ አለው? የሲግናሉ ኬብልስ በየት ነው የሚሄደው?

የፓምፕ_ልጅ · ሐሙስ ቀን 6፡20

የሞተሩ ኬብል ሺልድ የለውም። ተራ ባለ አራት ሽቦ ነው። የሲግናሉ ኬብል ደግሞ፣ አሁን ስጽፈው ራሴን ያመኛል፣ ከሞተሩ ኬብል ጋር በአንድ ትሬይ ነው የሚሄደው። ጎን ለጎን ብቻ አይደለም፤ በአንድ ማሰሪያ ተጠፍረዋል። 38 ሜትር። ፓኔሉ ውስጥም ከኢንቨርተሩ የሚወጡት ሽቦዎች ከአናሎጎቹ ጋር አንድ ትራንኪንግ ውስጥ ናቸው።

የድሮ_ኢንስትሩመንት · ሐሙስ ቀን 7፡00

ሌላው ግማሽ ይኸው።

የሲግናሉን ኬብል ከዚያ ትሬይ አውጣው። የኢንቨርተር አምራቾች መመሪያ እንደየድርጅቱ ይለያያል፤ በሞተር ኬብልና በሲግናል ኬብል መካከል ከ20 እስከ 50 ሴንቲ ይላሉ። የአንተ ሞተር ኬብል ሺልድ ስለሌለው ወደ 50 ው ጠጋ በል። የሚጎዳህ አብሮ የሚሄድበት ርዝመት ነው። መገናኘታቸው ግድ ከሆነ በመስቀል፣ በ90 ዲግሪ ይተላለፉ። 38 ሜትር ተቃቅፎ መሄድና አንዴ ተሻግሮ ማለፍ የሰማይና የምድር ያህል ይለያያሉ። የሲግናሉ ሁለት ሽቦዎች እርስ በርስ የተጠማዘዙ መሆናቸውንም እይ። ቀጥ ያሉ ከሆኑ ኬብሉን ቀይረው፤ ሺልድ የመጠማዘዝን ሥራ አይተካም።

ፓኔሉ ውስጥ የኃይል ሽቦዎችን በአንድ በኩል፣ አናሎጎቹን በሌላው በኩል አድርጋቸው። ትራንኪንግ ካጣህ አናሎጎቹን በፓኔሉ ጀርባ ብረት ላይ አስጠግተህ ውሰዳቸው፤ አየር ላይ አይንጠልጠሉ።

ወፍጮ_ሚዛን · ሐሙስ ማታ 1፡15

እኔም ልጠይቅ፣ ይቅርታ ክሩን ከጠለፍኩት። ዱቄት ፋብሪካ ነው የምሠራው። የማሸጊያ ሚዛናችን ሎድ ሴል አለው። 50 ኪሎ ከረጢት ላይ እስከ 300 ግራም ይዋዥቃል፣ በተለይ ሊፍቱ ሲነሳ። ሺልዱን እንደ ጋሼ ሎድ ሴሉ ጋ ልቁረጠው ብል ከሴሉ አካል ጋር አብሮ የተሠራ ነው፤ አይፈታም። የሚዛኑ መመሪያ ደግሞ ማሳያው ጋ እሰሩ ይላል። ሁለት ቦታ ሊሆን ነው። የቱን ልተው?

የድሮ_ኢንስትሩመንት · ሐሙስ ማታ 2፡30

እህቴ፣ መጀመሪያ ለኪው። የሎድ ሴሉን ኬብል ከማሳያው ፍቺና ከሺልዱ ወደ ሴሉ ብረት በኦም ለኪ። አንዳንድ አምራች ያገናኘዋል፣ አንዳንዱ አያገናኘውም። በዓይን አይታወቅም። ከተገናኘ መሬቱ እዚያ ነው፤ ማሳያው ጋ ያለውን ፈትተሽ ለአንድ ቀን ሞክሪ። ያንቺ ሲግናል ከፓምፕ ልጅ ሲግናል በጣም ያነሰ ነው። ባለ 2 ሚሊቮልት በቮልት ሴል 10 ቮልት ሲሰጠው ሙሉ ጭነት ላይ 20 ሚሊቮልት ብቻ ነው የሚያወጣው። ስለዚህ ትንሽ ስህተትም ያሳይሻል።

ወፍጮ_ሚዛን · ዓርብ ጠዋት 4፡50

ለካሁት፣ ተገናኝቷል። ማሳያው ጋ ስፈታው ሊፍቱ ሲነሳ የነበረው ወደ 100 ግራም ወረደ። ነገር ግን ሌላ አዲስ ነገር መጣ፤ ብየዳ ሲበየድ አሁን ከበፊቱ የበለጠ ይዘላል። ይሄስ ከምን ነው?

ከዱባይ_ኮሚሽኒንግ · ዓርብ ቀን 8፡05

የብየዳው የመመለሻ ክላምፕ የት ነው የሚታሰረው? የሚዛኑ ብረት ወይም አብሮት የተያያዘ ብረት ላይ ከሆነ ከረንቱ በሎድ ሴሉ በኩል ሊያልፍ ይችላል፤ ሴሉንም ያቃጥላል። ለጊዜው ሚዛኑ አጠገብ አታስበይጂ። ስለ ሺልዱ እርግጠኛ አይደለሁም። እኔ ብሆን ማሳያው ጋ በትንሽ ካፓሲተር በኩል አስሬ እሞክረው ነበር። ጋሼ ምን ይላሉ?

የድሮ_ኢንስትሩመንት · ዓርብ ቀን 9፡00

ካፓሲተሩ ፈጣኑን ያሳልፋል፣ የዝግታውን ቀለበት ይቆርጣል፤ ሐሳቡ መጥፎ አይደለም። ግን ብየዳው መጀመሪያ ይስተካከል። ሁለት ነገር በአንዴ ከቀየርሽ የትኛው እንዳዳነሽ አታውቂም።

የፓምፕ_ልጅ · እሁድ ማታ 12፡40

ዛሬ መስመሩ ቆሞ ስለነበር ሙሉ ቀን ሠራን።

ባሩን ገጠምኩ፣ ቀለሙን ፋቅኩ፣ አራቱንም ሺልዶች በክላምፕ አሰርኩ። 0 ቮልቱን ስለካው ጋሼ እንዳሉት ማገናኛዋን ፈትቼም 0.4 ኦም አሳየኝ። ፈልጌ ፈልጌ መሙያ ማሽኑ ትንሿ ፓኔል ውስጥ ሁለተኛ ማገናኛ አገኘሁ፤ አረንጓዴ ቢጫ ሽቦ ከ0 ቮልት ባር ላይ። አነሳሁት። እስከዚህ ድረስ ዝላዩ 0.15 ባር አካባቢ ሆነ።

ከዚያ ኬብሉን ከትሬዩ አውጥተን በግድግዳው በኩል በብረት ቱቦ አሳለፍነው፤ ከሞተሩ ኬብል ወደ 60 ሴንቲ ይርቃል። አንድ ቦታ ብቻ በመስቀል ይሻገራል። ፓምፑን አስነሳሁት። 5.98፣ 6.01፣ 6.00። ማጣሪያ የለም። ከረዳቴ ጋር ቆመን አሥር ደቂቃ ያህል ስክሪኑን ብቻ ስናይ ቆየን።

የሞተሩን ሺልድ ያለው ኬብል ጠይቄያለሁ፤ አለቃዬ አሁን ጸጥ ካለ ለምን ብሎኛል። በፓምፑ ቧንቧ የሚያልፈውን ከረንት በክላምፕ ሜትር ለክቼ ላሳየው አስቤያለሁ።

አንድ ነገር ቀርቷል። ኮምፕሬሰሩ ስታር ዴልታ ሲቀይር ንባቡ አንዴ ብቻ ወደ 6.3 ይዘልና ይመለሳል። እሱ ኢንቨርተር የለውም።

የድሮ_ኢንስትሩመንት · እሁድ ማታ 1፡20

የኮምፕሬሰሩ ኮንታክተሮች ከፒኤልሲው ጋር አንድ ፓኔል ውስጥ ናቸው? ኮይላቸው በኤሲ ነው በዲሲ? ላያቸው ላይ ትንሽ ሳጥን የመሰለ ሰፕረሰር ተሰክቶ እንደሆነ ነገ እይልኝ፤ ከቻልክ ፎቶ ላክ።